የመርፌ ሁለተኛ ደብዳቤ

የሚሞቅ ሙጫ ሽታ ዛሬም ድንገት ካፍንጫዬ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ይሄዳል። ያኔ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። የእርማት ክፍል ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ጥረዛ ክፍል ከታች። ጠዋት ጠዋት የጠራዦቹ የሙጫ ድስት ሲጣድ ሽታው በደረጃው ወጥቶ፣ በራችንን ሳያንኳኳ ገብቶ፣ በእኔና በፊደል ግድፈቶቼ መሐል ይቀመጣል። ጓደኞቼ ያማርሩ ነበር። እኔ ግን እወደው ነበር፤ መጽሐፍ ሊወለድ ነው ማለት ነዋ!

ከዚያ ሽታ ጋር ሁልጊዜ አብራ የምትመጣብኝ አንዲት ሴት አለች። መርፌ ነበር የምንላት። ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም የሚመስላቸው ነበሩ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የታጠፉትን ወረቀቶች ደርድራ በክር ስትሰፋ፣ ክሩ ባለቀ ቁጥር ዓይኗን ሳትጥልበት፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ አዲሱን ክር በመርፌው ቀዳዳ ታሳልፈው ነበር። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ መስኮት ስር ቆሜ፣ ትንፋሼን ውጬ እንኳ የማልችለውን።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እሱ ሲሞት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ትምህርቷን ትታ ጥረዛ ገባች። ጉልበቷ የሚያማትን እናቷን ትጦራለች፤ ታናሽ እህቷን ነርስነት ታስተምራለች። ቤታቸው ከኔ ቤት ጋር ግቢ ይጋራል፤ በመሐላችን ያለው አንድ የልብስ ማስጫ ሽቦ ብቻ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሥራ የቀረችው ሦስት ቀን ነው፤ ሦስቱንም እናቷን ሐኪም ቤት ልትወስድ። የሰፋችውን መጽሐፍ ከመሐል ከፍታችሁ ብትጎትቱት እናንተ ትደክሙ ይሆናል እንጂ ቅጠል አይለቅም።

የጥረዛ ክፍል ኃላፊው ሳቂታና ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ፊት ለፊት አለቃ ይሉታል። ከኋላ የሚሉትን አልጽፈውም። እሱ ሥራ ሲቆጣጠር ከሠራተኛዋ ጀርባ ነው የሚቆመው። "ስፌቱ ላላ እንዴ?" ይልና በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ይላል፤ አንዱ እጅ መጽሐፉን ይዳስሳል፣ ሌላው እጅ ወገብ ላይ ያርፋል። ወይም ደግሞ "ወረቀት ቁጠሪልኝ" ብሎ ወደ ወረቀት መጋዘን ይጠራል። መጋዘኑ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ አለው። ቁልፉ በእሱ ኪስ ነው።

መርፌ ብዙ ጊዜ በዘዴ አለፈችው። ወንበሯን ከግድግዳ አስጠጋች። አንዴ ብቻዋን ከገባች ወዲህ፣ መጋዘን ስትጠራ ጓደኛዋን ይዛ ሄደች። አንድ ቀን ግን እጁ ወገቧ ላይ አልቀረም። ብድግ አለችና ሠላሳ ሰው እየሰማ፣

"አለቃ፣ እጅዎን ከላዬ ያንሱ!" አለችው።

እሱ ሳቀ። "ኧረ እናንተ፣ መርፌ ወጋችኝ!" አለ። አንዳንዶቹም ሳቁ፤ ፈርተው ይሁን ለምደው አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ለሰው ኃይል አስተዳደር አቤቱታ ጽፋ ወደ እኔ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ እኔ ቃል አላውቅም" አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። መርፌ ቃል ታውቅ ነበር። የጻፈችው እንዲህ ይል ነበር፦ "የክፍል ኃላፊዬ ሰውነቴን ይነካካኛል፤ መጋዘን ውስጥ በር ዘግቶብኛል፤ እምቢ ስለው ያዋርደኛል።" እኔ ደግሞ በድሮው ትምህርት የተኮተኮትኩ ሰው ነኝ፤ ደብዳቤ ማለት ካባ ለብሶ የሚወጣ ነገር ነው ብለው ነበር ያስተማሩን። "ልጄ፣ ይሄ በቢሮ ወግ አይጻፍም፤ አንባቢውን ያስቀይማል" አልኳትና ቀይ ብዕሬን አነሳሁ። "ይነካካኛል" የሚለውን ሰርዤ "ተገቢ ያልሆነ አቀራረብ ያሳየኛል" አልኩ። የበሩን ነገር "ለሥራ ምቹ ያልሆነ ሁኔታ ተፈጥሮብኛል" አልኩት። መጨረሻው ላይ "በታላቅ ትሕትና" ጨመርኩበት። እሷም አመስግናኝ ገልብጣ አስገባችው፤ የተሰረዘው ረቂቅ እኔ ጋ ቀረ።

የማተሚያ ቤቱ ደንብ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፦ ቅሬታ በቀረበ በአሥር የሥራ ቀን መልስ ይሰጣል። አሥር ቀን አለፈ። ሦስት ሳምንት ሆነ። መርፌ በምሳ ሰዓት ደረጃውን ወጥታ የሰው ኃይል ኃላፊውን ጠየቀችው።

"በሂደት ላይ ነው" አላት።

በአራተኛው ሳምንት፦ "አንቺ ልጅ፣ ትዕግሥት የለሽም?"

በአምስተኛው ሳምንት ቢሮው ተቆልፎ ነበር። በስድስተኛው፣ ገና ከደረጃው ብቅ ስትል የስልክ እጀታውን አንስቶ ማንም ያልደወለበትን ስልክ ማነጋገር ጀመረ። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው።

እናቷ በማስጫው ሽቦ አጠገብ ጉልበቷን እያሸች፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብያታለሁ" አለችኝ። "እንጀራችንን ልታሳጣን ነው።"

"እትዬ፣ መብቷን ነው የጠየቀችው" አልኩ።

"መብት! አንተ ደግሞ መጽሐፍ ማንበብ አበዛህ።"

በሰባተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መርፌ እየሮጠች ወደ እርማት ክፍል ገባች። መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ የምታጠልቀውን ቆዳ እንኳ አላወለቀችም። በሩን ዘግታ ቆመች።

"ጋሼ፣ አለቃ ምን አለኝ መሰለዎት?"

"ምን አለሽ?"

"ከኋላዬ ቆመና ጆሮዬ ስር፣ 'ዛሬስ አቀራረቤ ተገቢ ነው?' አለኝ። ከዚያ 'ምቹ ሁኔታ ልፍጠርልሽ፤ ከሰኞ ጀምሮ ወረቀት መጋዘን ነሽ፤ ብቻሽን' ብሎ የምደባ ወረቀት ሰጠኝ።" ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። "ያ ቃል የርስዎ ቃል ነው። እኔና እርስዎ፣ ሦስተኛ ደግሞ ሰው ኃይል ነን የምናውቀው። ከየት አገኘው?"

በእጄ የነበረው ብዕር አንድ ሙሉ መስመር ላይ ቀይ ነጠብጣብ ጥሎ ነበር፤ አላየሁትም።

ምሳ ሰዓት ላይ አብረን መዝገብ ቤት ወረድን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በግንባሯ ላይ መነጽር፣ በጭኗ ላይ ሹራብ የማይለያት ወይዘሮ ናት። በዚያ ቤት አንድ ደብዳቤ ገብቶ እንዲወጣ የሷን መዝገብ ማለፍ ግድ ነው፤ የገባበት ቀን፣ ቁጥሩ፣ የተመራበት ክፍል፣ መጨረሻም የተረካቢው ፊርማ ይሰፍርበታል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ያለ ፊርማ አንድ ቅጠል አይወስድባትም።

"እትዬ፣ ደብዳቤዬ የት እንደደረሰ ማወቅ ፈልጌ ነው" አለች መርፌ።

"የራስሽ አይደል? መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ቁጥሩን ንገሪኝ።" መዝገቡን ገለበጠች። ጣቷ በመስመሩ ላይ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹራቧን አስቀመጠች። "እስቲ መነጽሬን..."

"ግንባርዎ ላይ ነው" አልኳት።

አወረደችው። አነበበች። ቀና ብላም መርፌን አየቻት።

"ልጄ፣ በገባ በማግስቱ ወጥቷል። ሰው ኃይል፣ 'ለጥረዛ ክፍል ኃላፊ፣ አስተያየትዎን ይስጡበት' ብሎ መርቶታል። ይኸው የአለቃ ፊርማ። ተረክቧል። አልተመለሰም።"

ሰባት ሳምንት ሙሉ አቤቱታዋ በተከሰሰው ሰው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሷ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ፣ እሱ ከፍቶ ያነበዋል፣ ዘግቶ ይስቃል። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ይሉት ይህን ነው፤ ለዚያውም በማኅተምና በቁጥር!

ሰው ኃይል ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለማወቅ ብልህ መሆን አላስፈለገኝም። በዚያ ቤት ልማድ አንድ ሠራተኛ የሥራ ቅሬታ ሲያቀርብ፣ ብርሃን አነሰኝ ቢል፣ ወንበሬ ተሰበረ ቢል፣ ወረቀቱ በቅድሚያ ለቅርብ ኃላፊው ይመራል። የኔ ካባ የለበሰ ደብዳቤ ደግሞ የወንበር ቅሬታ ይመስል ነበር። እዚያው መዝገብ ቤት ደረቅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"መርፌ፣ ይሄ የኔ ጥፋት ነው" አልኳት።

"የርስዎስ ቆይተን እንነጋገርበታለን" አለች። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። "ወረቀትና ብዕር ይዘው ማታ ይምጡ። እርስዎ ነጥብና ሰረዝ ብቻ ነው የሚነኩት።"

ቤታቸው አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ የተከፈለ ነው። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጥሮ፣ ከማተሚያ ቤት በተረፈ ካርቶን ተደግፏል። ገና ሳይመሽ ደረስኩ። እናቷ አልጋ ላይ ሆና ወደ ግድግዳው ዞራለች። መርፌ ትጽፋለች፤ ጮክ ብላም ታነባለች።

"ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል። ጉዳዩ፦ ስለ ፆታዊ ትንኮሳ ላቀረብኩት አቤቱታ መልስ ስለመጠየቅ።"

"ትንኮሳ አልሽው?" አለች እናትየው ሳትዞር።

"አዎ እማዬ። ስሙ ነው።"

"በርቺ እንግዲህ" አለች፣ እንደተቀየመች።

ጻፈች። አቤቱታዋን ያስገባችበትን ቀንና ቁጥር፣ ሰባት ሳምንት ማለፉን፣ ደንቡ አሥር ቀን እንደሚል። ከዚያም ይህ መጣ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "አቤቱታዬ በእጁ ሰውነቴን ለነካካኝና መጋዘን ውስጥ በር ለዘጋብኝ ለዚያው ሰው እንዲሰጥ መደረጉን ከመዝገብ አይቻለሁ። እሱም ከደብዳቤዬ ቃል እየጠቀሰ አፊዞብኛል፤ ከሰኞ ጀምሮም ቁልፉን እሱ ወደሚይዘው መጋዘን ብቻዬን መድቦኛል። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አቤቱታዬን ማን እንደሚያጣራ፣ በስንት ቀን እንደሚያጣራ በጽሑፍ ይነገረኝ። እስኪጣራ ድረስ እሱ ሥራ አይመድበኝ። ወደ መጋዘን አልሄድም።"

"'በታላቅ ትሕትና' የት ይግባ?" አልኩ። ልማድ ክፉ ነው።

ቀና ብላ አየችኝ። "ጋሼ፣ ትሕትናው ባለፈው አልቋል።"

እናቷ በዚህ ጊዜ ዞረች። ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳችና ጠረጴዛው አጠገብ መጣች። ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ግን በጣቷ ነካችው።

"በር ዘግቶብሻል?" አለች።

"አዎ።"

"ለኔ አልነገርሽኝም።"

"ጉልበትሽ..."

"ጉልበቴ ይሰበር! ለሥራ አስኪያጁም ይድረስ። ለሠራተኛ ማኅበሩም። የሚጻፍላቸው ሁሉ ይጻፍላቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ፤ ባለቤት እንዳለሽ ይወቁ።"

ግልባጭ የሚለውን ከታች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለሠራተኛ ማኅበር። ከነጥብና ሰረዝ ሌላ በዚያ ደብዳቤ ላይ ያለኝ ድርሻ ያ ብቻ ነው።

አርብ ጠዋት የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ደብዳቤውን በአራት ቅጂ ተቀበለች። አራቱንም አንድ በአንድ በማኅተም መታች። አንዱን ቅጂ ለመርፌ መልሳ፣ "ይሄ ያንቺ ነው፤ ከዚህ በኋላ 'አልደረሰንም' የሚል ቢኖር ወደኔ ላኪው" አለች። ከዚያ የማኅበሩንና የሥራ አስኪያጁን ራሷ ይዛ ወጣች። በዚያ ቤት ስሠራ ከወንበሯ ተነስታ ደብዳቤ ስታደርስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሰው ኃይል ቢሮ ተጠራች። ደንቡ አንድ የሥራ ባልደረባ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። እኔን ይዛ ገባች። ገና ስንገባ አለቃ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ አገኘነው።

"እሱ እዚህ ምን ያደርጋል?" አለች መርፌ በሩ ላይ ቆማ።

"ግቢ፣ ግቢ፣ ቁጭ በይ" አለ የሰው ኃይል ኃላፊው። ወፍራም፣ መሃረብ የማይለየው ሰው ነበር። "ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን። በቤተሰብ መሐል ደግሞ ግጭት አይጠፋም፤ ምላስና ጥርስም ይጋጫል።"

"ምላስና ጥርስ በአንድ አፍ ነው ያሉት። እኔ የሱ አፍ ውስጥ አይደለሁም።"

አለቃ ሳቀ። "አየኸው ጌታዬ? ይቺን ልጅ በቀልድ እንኳ አትደርስባትም። እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት።"

"ልጅዎን መጋዘን ውስጥ ይቆልፉባታል?" አለች።

ሳቁ በግማሽ ቀረ።

ኃላፊው መሃረቡን አወጣ። "ተረጋጊ። እኔ ምን አጠፋሁ? የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ትንኮሳ አይልም። 'ተገቢ ያልሆነ አቀራረብ' ነው የሚለው። የሥራ አለመግባባት መስሎኝ በተለመደው መንገድ መራሁት።"

"ቃሉ የኔ ነው" አልኩ። ድምፄ ለራሴም ቀጠነብኝ። "እሷ በግልጽ ጽፋው ነበር፤ ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። የጻፈችው ረቂቅ ይኸው፣ በኔ ቀይ ብዕር እንደተሰረዘ።" ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ኃላፊው እፎይ ያለ መሰለኝ። "ይኸው! አራሚያችን ራሳቸው መሰከሩ..."

"እሺ፣ ቃሉ ይለስልስ" አለች መርፌ። "የሱ ማዕረግ ግን በደብዳቤው ውስጥ ሦስት ቦታ ተጽፏል። ስለ አንድ ሰው የተጻፈን አቤቱታ ለዚያው ሰው የሚልክ ቃል ጠፍቶት ነው? ደግሞስ ሰባት ሳምንት ስመላለስ 'በሂደት ላይ ነው' ሲሉኝ፣ የትኛው ሂደት ነው? የሱ መሳቢያ ነው ሂደት የሚባለው?"

ኃላፊው አፉን ከፈተ። ስልኩ ጮኸ። ይሄኛው የእውነት ነበር። አነሳው፤ ከወንበሩም ተነሳ። "አዎ ጌታዬ... ደርሶኛል... አዎ፣ ግልባጩ... እሷ እዚሁ ናት... አሁኑኑ፣ አዎ፣ በጽሑፍ።" እጀታውን አስቀመጠ። ከዚያ ጸሐፊውን ጠርቶ ማስጻፍ ጀመረ። አለቃ እግሩን አወረደ።

መልሱ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር። አቤቱታውን ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ፣ አንዷ ከሠራተኛ ማኅበሩ የተወከለች ሴት ሆና፣ በአሥር የሥራ ቀን እንዲያጣራ። እስከዚያው የመጋዘኑ ምደባ እንዲሰረዝ፤ የክፍል ኃላፊው ሠራተኛዋን እንዳይመድብና እንዳያነጋግር። የመጀመሪያው አቤቱታም ዛሬውኑ ከእሱ ተመልሶ ለኮሚቴው እንዲሰጥ።

መርፌ ቆማ አነበበችው። ከላይ እስከ ታች፣ እንደገናም። "ማኅተም የለውም" አለች። ማኅተም ተመታበት።

"በሉ እንግዲህ" አለ ኃላፊው፣ ግንባሩን እየጠረገ። ፊቱ ላይ ያ የቤተሰብ ፈገግታ ተመለሰ። "ወረቀቱ ወረቀት ነው። ሰው ግን ከሰው ጋር ነው የሚኖረው። ነገ ኮሚቴው ምንም ይበል ምን፣ እናንተ አንድ ክፍል ናችሁ። ነገር ከመክረሩ በፊት እዚሁ እኔ ፊት ይቅር ተባባሉ። አለቃ፣ አንተ ትልቅ ነህ፣ ቅደም።"

አለቃ ተነሳ። ኮቱን አስተካክሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ያው እጅ ነው። ጣቶቹ ረጃጅም፣ ጥፍሮቹ ንጹሕ።

እኔ ሽበቴን ያበቀልኩት እርቅ ሲደረግ እያየሁ ነው። በሕይወቴ የተዘረጋን እጅ አየር ላይ ያስቀረ ሰው ክፉ ይመስለኝ ነበር። አፌ ላይ "በይ ልጄ" የሚል ቃል መጥቶ ነበር፤ ሰባት ሳምንቱን አሰብኩና መልሼ ዋጥኩት።

"በይ እንጂ" አለ ኃላፊው። "ጋሼ፣ እርስዎም አንድ ቃል ይበሏት።"

"የኔ ቃል እስካሁን ያደረሰባት ይበቃታል" አልኩ።

መርፌ እጁን አየችው። ፊቱን አላየችም፤ እጁን ብቻ። ከዚያ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጠፈችው፤ ጥረዛ ላይ እንደለመደችው፣ ጥፍሯን በእጥፋቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች። የደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

የአለቃን እጅ እንደተዘረጋ ትታ በሩን ከፍታ ወጣች። ደህና ዋሉ አላለችም።